የፊዚክስ መልስን በአሃድ ስንፈትሽ የምንሠራቸው ስህተቶች

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና አሽከርካሪው ድንገት ፍሬን ቢይዝና ጎማዎቹ ተቆልፈው ቢንሸራተቱ፣ እስኪቆም ድረስ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል? መንገዱ ሜዳማ ደረቅ አስፋልት ነው፤ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው የሰበቃ ኮኤፊሸንት μ ደግሞ 0.7 ነው እንበል። የመንሸራተቻው ርቀት ቀመር የሚከተለው ነው፦

```
d = v²/(2μg)
```

እዚህ ላይ v ፍሬን በተያዘበት ቅጽበት የነበረው ፍጥነት ነው፤ g ደግሞ የመሬት ስበት የሚወድቅን ነገር ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚጨምርበት መጠን፣ ማለትም 9.8 m/s² ነው። μ የሁለት ጉልበቶች ንጽጽር ስለሆነ አሃድ የለውም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በሙሉ በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ሊታዩ የሚችሉ ናቸው።

አሃዱን ከስሌቱ ሳይሆን ከጥያቄው መውሰድ

ወረቀት ሳርም ከሁሉ አብልጦ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ተማሪው ቁጥሮቹን ብቻ እያባዛና እያካፈለ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጥያቄው ርቀት ስለጠየቀ ብቻ ከቁጥሩ ጎን «m» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ የተጻፈ አሃድ የተጠየቀውን እንጂ የተሰላውን አይናገርም፤ ስለዚህ ምንም አልፈተሸም።

ለምሳሌ ተማሪው የፍጥነቱን ካሬ ረስቶ d = v/(2μg) ብሎ ጻፈ እንበል። 72 km/h ማለት 20 m/s ነው፤ 20ን ለ13.72 ሲያካፍል 1.46 ያገኛል፤ «1.46 m» ብሎም ያስረክባል። አሃዶቹን ከቁጥሮቹ ጋር አብሮ ቢያካፍል ኖሮ ግን m/s ለ m/s² ሲካፈል የሚቀረው s ብቻ መሆኑን ያይ ነበር። በሴኮንድ የሚለካ ርቀት ደግሞ የለም። አሃዱ ስህተት መኖሩን ከመጠቆም አልፎ የጎደለውንም ይናገራል፤ ሴኮንድን ወደ ሜትር የሚቀይረው በ m/s ማባዛት ስለሆነ፣ አንድ v የሆነ ቦታ ላይ እንደወደቀ ወዲያውኑ መጠርጠር ይቻላል።

ትርፍ ነገርም በዚሁ መንገድ ይያዛል። በመልሱ ውስጥ kg ተርፎ ከተገኘ የመኪናው መጠነ ቁስ ሳይሰረዝ ቀርቷል ማለት ነው። መኪናውን የሚያቆመው የሰበቃ ጉልበት μmg ነው፤ ይህ ጉልበት በርቀቱ ሲባዛ፣ ማለትም μmgd፣ መኪናው ይዞት ከነበረው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ½mv² ጋር እኩል ይሆናል። m በሁለቱም ወገን ስላለ መውጣት ነበረበት።

ዳይሜንሽንና አሃድን አንድ ማድረግ

ዳይሜንሽን የነገሩ ዓይነት ነው፤ ርዝመት፣ ጊዜ፣ መጠነ ቁስ እንደማለት ነው። አሃድ ግን ያንን ዓይነት የምንለካበት ልክ ነው። ሜትርና ኪሎ ሜትር በዳይሜንሽን አንድ፣ በአሃድ ሁለት ናቸው። ይህን አለመለየት የሚያመጣው ጣጣ 72ን እንዳለ ቀመሩ ውስጥ ስንከት ይታያል። የ72 ካሬ 5184 ነው፤ ለ13.72 ሲካፈል 378 ይሆናል። በዳይሜንሽን ብቻ የፈተሸ ሰው የፍጥነት ካሬ ለ g ሲካፈል ርዝመት እንደሚሰጥ አይቶ «ልክ ነው» ብሎ ያልፋል፤ መኪናውም 378 ሜትር ሊንሸራተት ነው!

አሃዶቹን በዝርዝር የጻፈ ሰው ግን (km²/h²) × (s²/m) የሚል የማይሰረዝ ነገር ይገጥመዋል፤ km ከ m ጋር፣ h ከ s ጋር አይጣፉም። ፍጥነቱን አስቀድሞ በ3.6 አካፍሎ ወደ m/s ቢለውጠው 400 ለ13.72፣ ማለትም 29 ሜትር ያህል ያገኛል። የስህተቱ መጠን 3.6 እጥፍ ሳይሆን የ3.6 ካሬ፣ ወደ 13 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ፍጥነቱ በካሬ ስለገባ የአሃዱም ስህተት አብሮ ካሬ ሆኗል። cm²ን ወደ m² ለመለወጥ በ100 የሚያካፍል ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማካፈል ያለበት በ10,000 ነው።

በሚደመሩት መካከል ያለውን ስምምነት አለማየት

አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ ይጓዛል። ይህ ጊዜ t ቢባል ጠቅላላው ርቀት d = vt + v²/(2μg) ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ተንኮለኛ ወጥመድ አለ። ጥያቄው t = 1 s ካለ፣ ብዙዎች «በአንድ ማባዛት ምን ይለውጣል?» ብለው t ን ይጥሉና d = v + v²/(2μg) ብለው ይጽፋሉ። ቁጥሩ 20 + 29 = 49 ሆኖ ትክክል ይወጣል፤ ቀመሩ ግን m/s ን ከ m ጋር ደምሯል። t ወደ 1.5 s ሲለወጥ ትክክለኛው መልስ 59 ሜትር ሲሆን፣ የተበላሸው ቀመር ግን አሁንም 49 ይላል። አንድ ሴኮንድ ቁጥር 1 አይደለም።

ስለዚህ ፍተሻው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ሳይሆን በመደመርና በመቀነስ ምልክት የተለያየውን እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ መመልከት አለበት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አሃድ ሊኖራቸው ግድ ነው። ፈረንሳዊው ፉሪየር እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው ሥራው ያሰፈረው ሐሳብ ይኸው ነው። በ sin፣ በ log ወይም በ e ራስጌ ላይ የሚገባው ነገር ደግሞ ጨርሶ አሃድ ሊኖረው አይገባም፤ e⁻ᵗ የሚል ጽሑፍ ውስጥ t ሴኮንድ ከሆነ፣ t የሚካፈልበት ሌላ ጊዜ ጠፍቷል።

ፍተሻውን ያለፈውን መልስ ትክክል ነው ብሎ ማመን

የአሃድ ፍተሻ ስህተትን ይይዛል እንጂ ትክክለኛነትን አያረጋግጥም። አንድ ሰው ½ን ረስቶ d = v²/(μg) ቢል 58 ሜትር ያገኛል፤ አሃዱ ግን እንከን የለሽ ሜትር ነው። 2፣ π እና መሰሎቻቸው አሃድ ስለሌላቸው ቢወድቁም ቢጨመሩም ፍተሻው አያያቸውም። የተደባለቀ የመደመርና የመቀነስ ምልክትም እንዲሁ ያመልጠዋል። ከዚህም በላይ ኒውተን በሜትር ሲባዛ ቶርክም ኢነርጂም ሊሆን ስለሚችል፣ አሃዱ መግጠሙ ብቻ የትኛውን እንዳሰላን አይነግረንም።

በእኛ ጥያቄ ላይ በጣም የሚያሳስበው ግን μ ነው። d = μv²/(2g) ብሎ የጻፈ ሰው 14 ሜትር ያህል ያገኛል፤ ቁጥሩ ለዓይን አይከብድም፤ አሃዱም ሜትር ነው። ይህን የሚይዘው ሌላ ፈተና ነው፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ μ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቀመሩ ምን ይላል? ይኸኛው ቀመር መኪናው ፍሬን በተያዘበት ቦታ ቀጥ ይላል ይለናል። በክረምት ጭቃ ላይ ፍሬን ይዞ የሚያውቅ ሰው ግን μ ከታች፣ በአካፋዩ ቦታ መሆን እንዳለበት ለማወቅ ቀመሩን እንደገና ማውጣት አያስፈልገውም።