ለክሊኒኩ በጻፍኩት ደብዳቤ ውስጥ ረስቼው የነበረው መስመር

ሰባት ወር የወሲብ ፍላጎቴ ጠፍቶ ነበር፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር መሄድ እንኳ ያደክመኝ ጀመር። ፊት ለፊት መናገሩን ስላፈርኩ ከቀጠሮዬ በፊት ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ቀደድኩት፤ «ወንድነቴ ደከመ» ከማለት በቀር ለሐኪም የሚረባ ነገር አልነበረበትም። በሁለተኛው መቼ እንደጀመረኝ፣ ጠዋት የብልት መቆም መቀነሱንና ምንም መድኃኒት እንደማልወስድ ዘረዘርኩ። ባለቤቴ አንብባ «ብርዱንስ ለምን ተውከው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በግንቦት ሙቀት ሁለት ጋቢ ደርቤ እተኛ ነበር። እሱንም፣ የሆድ ድርቀቱንም፣ ሳልበላ መወፈሬንም ጨመርኩ።

ሐኪሟ ዓይናቸው ያረፈው እዚያ ላይ ነው። አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ አዘዙ፤ ታይሮይዱ ሲደክም ከፍ የሚለውና ከ0.4 እስከ 4 ገደማ መሆን የሚገባው ቲኤስኤች 41 ሆኖ ተገኘ። ቴስቶስትሮኔም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን «መጀመሪያ ታይሮይዱ ይስተካከል፤ ይኼ አብሮ ሊመለስ ይችላል» አሉ።

የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን ጀመርኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ 19 ላይ ቆመ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ክኒኑን የምውጠው ከጠዋት ቡናዬ ጋር ነው፣ ቡና ደግሞ ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ በባዶ ሆድ በውኃ ውጬ ቡናውን አንድ ሰዓት አዘገየሁ። በቀጣዩ ምርመራ 3.1 ሆነ። መጀመሪያ የለቀቀኝ ብርዱ ነው፤ ፍላጎቴ የተመለሰው ከሁሉም ዘግይቶ ነው።