ሥራው በወቅት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፦ ስንት ቋሚ፣ ስንት ጊዜያዊ፣ ስንት ፓርት ታይም?

ሥራው በወቅት የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ድርጅት ብዙ ጊዜ ሰው የሚቀጥረው እጅ ሲያጥረው ነው። ያኔ የተገኘው ሰው በተገኘው ውል ይገባል። ወቅቱ ሲያልፍ ወይ ደመወዙ ይከብዳል፣ ወይ ሥራውን ገና የለመዱት ሰዎች ይበተናሉ። ነገሩን አስቀድሞ ለመያዝ ያለፈው ዓመት የሥራ መዝገብና ካልኩሌተር ይበቃሉ።

ምሳሌያችን በኢንተርኔት የታዘዘ ዕቃ እያሸገ የሚልክ ትንሽ መጋዘን ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው። የእናንተን ቁጥር ተክታችሁ ሥሩት።

1. ሥራውን በሰዓት ለኩ

ከሽያጭ ገንዘብ አትነሱ። አንድ ውድ ዕቃና አንድ ርካሽ ዕቃ ለማሸግ የሚፈጁት ጊዜ እኩል ሊሆን ይችላል። በየወሩ ስንት ትእዛዝ እንደወጣና አንዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያዙ። ደቂቃውን ከሠራተኛ አፍ ከመስማት ይልቅ ሁለት ሦስት ቀን ቆማችሁ ብትለኩት ይሻላል።

በመጋዘናችን አንድ ትእዛዝ ከመደርደሪያ ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ አድራሻ ተለጥፎበት እስኪወጣ 12 ደቂቃ ይፈጃል። እንግዲህ፦

- በ7 ቀዝቃዛ ወራት በወር 2,000 ትእዛዝ፣ 400 ሰዓት
- በ3 መካከለኛ ወራት 3,400 ትእዛዝ፣ 680 ሰዓት
- በ2 የሞቁ ወራት 6,000 ትእዛዝ፣ 1,200 ሰዓት

ከመካከለኛዎቹ ሁለቱ ከሞቁት በፊት፣ አንዱ ከእነሱ በኋላ ይመጣል።

2. አንድ ሰው በእውነት ስንት ሰዓት ይሠራል?

ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው በወር ለ160 ሰዓት ያህል ይከፈለዋል እንበል። ግን ፈቃድ አለ፣ ሕመም አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ዕቃ ሳይመጣ የሚጠበቅበት ሰዓት አለ። ይህ 15 በመቶ ያህል ከወሰደ የሚቀረው 136 ሰዓት ነው። በ160 ያካፈለ ሰው እጅ ያጥረዋል፣ ለምን እንዳጠረውም አይገባውም።

በ136 ስናካፍል ቀዝቃዛው ወር 3 ሰው፣ መካከለኛው 5፣ የሞቀው 9 ሰው ይፈልጋል።

3. እያንዳንዱ ቦታ በዓመት ስንት ወር እንደሚያስፈልግ እዩ

«ስንት ሰው?» ካላችሁ በኋላ «አራተኛው ሰው ስንት ወር ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በእኛ መጋዘን የመጀመሪያዎቹ 3 ቦታዎች 12 ወር፣ አራተኛውና አምስተኛው 5 ወር፣ የቀሩት 4 ቦታዎች ደግሞ 2 ወር ብቻ ያስፈልጋሉ።

አሁን ወጪውን አወዳድሩ። የወር ደመወዙን 100 እንበለው። ቋሚ ሠራተኛ ከፈቃድ፣ ከጡረታ መዋጮና ከመሳሰለው ጋር 120 ያስወጣል። ጊዜያዊው በኤጀንሲ በኩል ቢመጣ የኤጀንሲው ድርሻ ተጨምሮ 130፣ በዚያ ላይ ለመመልመያና ለማሠልጠኛ አንድ ጊዜ 80 ይወጣል እንበል።

```
ቋሚ፦   120 × 12 = 1,440
ጊዜያዊ፦ 130 × የወራት ብዛት + 80
```

ሁለቱ የሚገናኙት 10 ወር ተኩል ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በታች የሚያስፈልገውን ቦታ በቋሚ መሙላት በገንዘብ አያዋጣም። ለ5 ወር ጊዜያዊው 730 ያስወጣል፣ ከቋሚው ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ሰው ለመተካት ብዙ የሚያስወጣ ሥራ ላይ ግን ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ በጣም ይወርዳል። ሥልጠናው ወራት የሚፈጅ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ከሆነ ለ7 ወርም ቢሆን ቋሚ ማድረግ ሊያዋጣ ይችላል።

ከሒሳቡ ውጪ የሚወሰኑ ቦታዎችም አሉ። የገንዘብ፣ የክምችት ቆጠራና የቁልፍ ኃላፊነት ለሁለት ወር ለመጣ ሰው አይሰጥም። ሒሳቡ ምንም ቢል።

4. ፓርት ታይሙን የት እናስገባው?

ፓርት ታይም ሠራተኛ ዋና ጥቅሙ ሥራው በቀን ወይም በሳምንት ውስጥ ሲሞቅ ነው። መጋዘናችን ሰኞና ማክሰኞ ይጨናነቃል፣ የሰንበት ትእዛዝ የሚከመረው ያኔ ነውና። ሐሙስ ደግሞ ሰው ቆሞ ይውላል። ይህን ሙሉ ጊዜ በሚሠራ ሰው መሙላት የሐሙሱን ሥራ ፈትነት ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ነው።

ሌላም ጥቅም አለው፣ እኔ በጣም የምወደው ይኸኛውን ነው። ሦስቱን ቋሚ ቦታ በ3 ሙሉ ሠራተኛ ከመያዝ፣ በ2 ሙሉና በ2 ግማሽ ጊዜ ሠራተኛ ያዙት። በቀዝቃዛው ወር የሚሰጡት ሰዓት ያው 408 ነው። ሥራው ሲሞቅ ግን ሁለቱ ግማሾች ሰዓታቸውን ወደ ሙሉ ያሳድጋሉ፣ 4 ሙሉ ሰው ይሆናሉ። ከውጭ የሚመጣው አዲስ ሰው በአንድ ይቀንሳል፣ የጨመራችሁትም ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ፓርት ታይም የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ትምህርት፣ ልጅ ወይም ሌላ ሥራ አለው። በሞቁት ወራት ሰዓት መጨመር መቻሉን ሲቀጠር ጠይቁት፣ ውሉም ላይ ይጻፍ። ወቅቱ ሲደርስ «ለአንድ ወር ብቻ» ብሎ መለመን አይሠራም።

5. ጊዜያዊዎቹ የሚጀምሩበትን ቀን ቀደም አድርጉ

በመካከለኛው ወር 4 ሰዎቻችን 544 ሰዓት ይሸፍናሉ፤ 136 ይጎድላል። አንድ ጊዜያዊ ሠራተኛ ለ5ቱም ወር እንይዛለን። በሞቀው ወር ከእሱም በላይ 520 ሰዓት ይጎድላል።

አዲስ ሰው ግን ወዲያው 136 ሰዓት አይሰጥም። በመጀመሪያው ሳምንት የነባሩን ግማሽ፣ በሁለተኛው ሦስት አራተኛውን ቢሠራ፣ በመጀመሪያው ወር የምታገኙት 110 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የሞቀው ወር ሲገባ ከጀመሩ 5 ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ሳምንት ቀድመው ከጀመሩ 4 ይበቃሉ።

የደመወዙ ወጪ ደግሞ እኩል ነው፦ 4 ሰው ለ2 ተጨማሪ ሳምንት፣ ወይም 1 ተጨማሪ ሰው ለ8 ሳምንት። ልዩነቱ ሥልጠናው ረጋ ባለ ጊዜ መሰጠቱ ነው። በግርግሩ መሐል የገባ ሰው ራሱ ከመዘግየቱም በላይ ጎበዙን ሠራተኛ ለማስተማር ከሥራው ይነቅለዋል። በሁለተኛው ሳምንት «የተሳሳተ ዕቃ ደረሰኝ» የሚል ደንበኛ ከበዛ ያ ነው የሆነው።

ጭማሪው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ብቻ ከሆነ ጊዜያዊ ሰው አትጥሩ። ሲለምድ ወቅቱ ያልቃል። ኦቨርታይምና የፓርት ታይሞቹ ሰዓት ይሻላል።

6. ውሉን በግልጽ ጻፉ

የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ የሰዓት ብዛት፣ ሥራው ወቅታዊ መሆኑ። በብዙ አገሮች እየተደጋገመ የሚታደስ ጊዜያዊ ውል እንደ ቋሚ ሊቆጠር ይችላል፣ ስለዚህ የአገራችሁን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ከመፈረማችሁ በፊት እዩት። ጊዜያዊዎቹ መሐል ላይ ጥለው እንዳይሄዱ እስከ መጨረሻው ቀን ለቆየ የሚከፈል ቦነስ ጥሩ ይሠራል። መጠኑም ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ።

7. ወቅቱ ሲያልፍ ቁጥሩን አስተካክሉ

በቀዝቃዛው ወር ኦቨርታይም እየተከፈለ ከሆነ ቋሚው ቁጥር አንሷል። ቋሚ ሠራተኞች በሥራ ሰዓት በየሳምንቱ መደርደሪያ ሲወለውሉ ካያችኋቸው በዝቷል። በሞቁት ወራት ትእዛዝ አንድ ቀን የሚዘገየው ሁልጊዜ ሰኞ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጊዜያዊ አትጨምሩ፣ የፓርት ታይሞቹን ፈረቃ ወደ ሰኞ አዙሩት።

ጊዜያዊዎቹ ከመበተናቸው በፊት ለሚቀጥለው ዓመት መመለስ የሚፈልጉትን ስምና ስልክ ያዙ። ከ4ቱ ሁለቱ ከተመለሱ እነሱን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማስጀመር አያስፈልግም፣ ሁለትና ሦስት ቀን ይበቃቸዋል።