ከቡና በኋላ ወለሉን በሕፃኗ ቁመት እዩት

የእህቴ ልጅ ሰባት ወሯ ነው። ማንኪያ ስትይዝ መጀመሪያ ትልሰዋለች፣ አውጥታ ታየዋለች፣ ከዚያ አገላብጣ ሌላኛውን ጫፍ አፏ ውስጥ ትከትታለች። «ርቧት ነው» ይላል አንዱ፤ «ጥርስ ልታወጣ ነው» ይላል ሌላው። ድድ ሲያሳክክ ማኘክ እንደሚበዛ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥርስ ከመታሰቡ በፊትም ታደርገው ነበር። በዚህ ዕድሜ ከንፈርና ምላስ ከጣቶች ይልቅ የሠለጠኑ ናቸው። ዕቃው ለስላሳ ይሁን ሻካራ፣ ጠንካራ ይሁን የሚታጠፍ፣ አጣርታ የምታውቀው በአፏ ነው። ስለዚህ እየነጠቁ «ተፊው!» ማለት ብዙም አይጠቅምም። ይልቅ የምትመረምረው ነገር ስጧት፤ የታጠበ ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ወይም ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይበቃታል።

እኔን የሚያስፈራኝ ቆሎው ነው። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ቄጤማው ውስጥ የቀረ ሽምብራ ወይም ለውዝ ቆመን ለምንሄደው አይታየንም፤ ለምትድኸው ግን ዓይኗ ሥር ነው። እኔ በሆዴ ተኝቼ ነው የምፈልገው። ቤተሰቡ ይስቅብኛል፤ ባለፈው እሑድ ግን ከሶፋው ሥር ሦስት ሽምብራና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ። ለመለካት ሶፍት የሚጠቀለልበት ባዶ የካርቶን ቱቦ ይበቃል፤ በውስጡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊያንቃት ስለሚችል ከአጠገቧ ይነሣ። ከሁሉ የከፋው ክብ ጠፍጣፋው የሰዓት ባትሪ ነው። ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ሕፃኗ ደህና ብትመስልም በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።