የኢርፎን ቁልፍ ሲያስቸግር የምንሠራቸው ስህተቶች

ድምፅ ለመጨመር ይጫኑታል፣ ድምፁ ይቀንሳል። ሳይነኩት ደግሞ ዘፈኑ ይዘላል። ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ያለው ገመዱ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው።

ስልኩን ሪሴት ማድረግ

አንድሮይድ ስልክ ቁልፎቹን የሚለየው በማይኩ መስመር ላይ በሚያነበው ሬዚስታንስ ነው። የመሃሉ ቁልፍ ወደ 0 ኦም፣ ድምፅ መጨመሪያው 240፣ መቀነሻው 470 አካባቢ ያሳያል። አሁን የመጨመሪያው መገናኛ አረጀ ወይም ዛገ እንበል፤ በራሱ 200 ኦም ጨመረ። 240 ሲደመር 200፣ 440 ይሆናል። ስልኩ ይህን «ቀንስ» ብሎ ያነበዋል። ስልኩ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የደረሰው መልእክት ነው። ስለዚህ ፋይልዎን ከማጥፋትዎ በፊት ኢርፎኑን ሌላ አንድሮይድ ላይ ይሞክሩት። አይፎን ላይ አይሞክሩ፤ የድምፅ ቁልፎቹን የሚያነብበት መንገድ ስለሚለይ ደህና ኢርፎን እንኳ የተበላሸ ሊመስል ይችላል።

ያረጀውንና ውሃ የገባበትን አለመለየት

ሲጫኑት ብቻ የሚሳሳት ወይም ጭራሽ የማይሰማ ከሆነ መገናኛው ማለቁን ይጠርጥሩ። ማንም ሳይነካው ስልኩን የሚያዘው ከሆነ ግን እርጥበትን ይጠርጥሩ። ውሃ ወይም ላብ መስመሮቹን ሲያገናኝ ስልኩ ቁልፍ የተጫነ ይመስለዋል። የመሃሉ ቁልፍ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ሲጫን ወደ ቀጣዩ ዘፈን ያልፋል፤ የሚቆራረጥ ግንኙነትም ልክ እንደዚያው ሊነበብ ይችላል።

በእርጥቡ ሰክቶ መሞከር

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው። ስልኩ ለማይኩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል። በእርጥብ መገናኛ ላይ ያ ኤሌክትሪክ ብረቱን ቶሎ ያዝገዋል። ወዲያው ይንቀሉት፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ቢያንስ አንድ ቀን ይተዉት። በፀጉር ማድረቂያ አያሙቁት፤ ፕላስቲኩና ማጣበቂያው ይለቃል።

ደረቀ፣ ዳነ ማለት

ላብ ሲደርቅ ጨዉ ይቀራል። እንደገና ሲያልብዎት ችግሩ ይመለሳል። ሳጥኗ የምትከፈት ከሆነ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፣ በደንብ ይድረቅ። ሽቶና ሳኒታይዘር አይሆኑም፤ ቅባትና ሌላ ነገር ትተው ያልፋሉ።

አጥብቆ መጫን

ከቁልፉ ስር ያለችው ቀጭን ብረት ትጎብጣለች፣ ከዚያ በኋላ ጽዳትም አይመልሳትም። ቴስተር ካለዎት ይለኩ፤ በብዙ ኢርፎኖች የጃኩ የመጨረሻ ክፍል (ከገመዱ ጎን ያለው) ማይክ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ግራውንድ ነው። ቁልፉን ተጭነው ቁጥሩን ያንብቡ። ከጽዳት በኋላም 240 መሆን የነበረበት የሚዋልል ከሆነ፣ ሳጥኗን መቀየር ወይም ኢርፎኑን በስልኩ ቁልፍ እየተቆጣጠሩ መጠቀም ነው የሚቀረው። ውሃ ገብቶበት ራሱን የሚያዝ ከሆነ ግን በስልኩ ቁልፍ መቆጣጠሩም አያዋጣም፤ መዝለሉ ይቀጥላል።