የግራፉን ጥግ ከመሞከራችሁ በፊት አጣሩት

ጎንደር ያለ አንድ ሸማኔ ጋቢና ነጠላ ይሠራል እንበል። ጋቢ 2 ቀንና 3 ጥቅል ክር፣ ነጠላ 1 ቀንና 1 ጥቅል ይፈጃል። ያለው 24 ቀንና 30 ጥቅል ነው። ከአንድ ጋቢ 500፣ ከአንድ ነጠላ 200 ብር ያተርፋል። ትርፉ ከሁሉ እንዲበልጥ ከእያንዳንዱ ስንት ይሥራ? ጋቢን x፣ ነጠላን y ብለን ገደቦቹን እንጻፍ፦

2x + y ≤ 24
3x + y ≤ 30
x ≥ 0፣ y ≥ 0

ሁለቱን መስመሮች ስትስሉ ዘንጎቹን (12, 0)፣ (0, 24)፣ (10, 0) እና (0, 30) ላይ ይነካሉ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አራቱንም ሳያጣራ በትርፉ ቀመር 500x + 200y ውስጥ ያስገባል። (12, 0) 6000 ብር ይሰጣል፣ ያጓጓል፤ ግን 12 ጋቢ 36 ጥቅል ክር ይፈልጋል። (0, 30)ም 6000 ነው፣ ቀኑ ግን አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ መጀመሪያ በሌላኛው ገደብ ፈትኑት፤ ካላለፈ ሰርዙት።

መስመሮቹ የሚቆራረጡበትን ከግራፉ በዓይን አትገምቱ። አንዱን እኩልታ ከሌላው ቀንሱ፦ x = 6፣ y = 12። አሁን የቀሩትን ጥጎች አስሉ፦ (0, 0) ዜሮ፣ (10, 0) 5000፣ (0, 24) 4800፣ (6, 12) 5400። መልሱ 6 ጋቢና 12 ነጠላ ነው።

የጋቢው ትርፍ 600 ቢሆን ኖሮ (6, 12) እና (10, 0) እኩል 6000 ይሰጡ ነበር። ያኔ በመካከላቸው ባለው መስመር ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ መልስ ስለሚሆን አትደናገጡ።