የበዓል ስጦታ ለቤት ሰራተኛ፣ ለሹፌርና ለጥበቃ፦ ስንት፣ መቼ፣ እንዴት

መጀመሪያ ስጦታን ከደመወዝ ለዩ። በውል ወይም በሕግ የተደነገገ የበዓል ክፍያ ካለ፣ ያ የሰራተኛው መብት ነው። በበዓሉ ቀን ሥራ ለሚገባ የሚታሰበው ተጨማሪ ክፍያም እንዲሁ። ስጦታ የሚባለው ከእነዚህ በላይ የምትጨምሩት ነው።

መጠኑን በደመወዝ ቀናት ማስላት ይቀላል። ሙሉ ጊዜ ለሚሰራና ዓመት ለሞላው ሰው በዓመቱ ትልቅ በዓል ከግማሽ ወር እስከ አንድ ወር ደመወዝ ደህና መጠን ነው። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ለምትመጣ ተመላላሽ የአንድ ሳምንት ክፍያዋ ይበቃል። ዘንድሮ የሰጣችሁት ለከርሞ ስለሚጠበቅ፣ ልትደግሙት በምትችሉት መጠን ጀምሩ።

አንድ ቤት እንውሰድ። ዓመት ለሞላው ሰው የአንድ ወር ደመወዝ፣ ላልሞላው ደግሞ በሰራው ወር ልክ ለመስጠት ወስኗል። ሁለት ዓመት የሰራችው ሰራተኛ የ30 ቀን ደመወዟን ታገኛለች። ሹፌሩ ግን ከተቀጠረ ገና አምስት ወሩ ነው፤ 30 ቀን ለ12 ተካፍሎ በ5 ሲባዛ 12 ቀን ተኩል ይመጣል፤ ወደ 15 ቀን ማሟላት ያምራል። የቀንና የሌሊት ጥበቃዎቹን ስምንት ቤቶች በጋራ ቀጥረዋቸዋል። ለእያንዳንዳቸው የ15 ቀን ደመወዝ ከታሰበ በድምሩ 30 ቀን ነው፤ ለስምንት ሲካፈል የየቤቱ መዋጮ አራት ቀን አይሞላም። የተዋጣውን ለአንዱ ሰጥታችሁ «ተካፈሉ» አትበሉ። የሌሊቱ ተረኛ ጠዋት ወጥቶ ስለሚሄድ ድርሻው የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው። ለሁለቱም ስማቸው የተጻፈበት የየራሳቸው ፖስታ ይኑራቸው።

ገንዘቡ ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይድረስ። ዋዜማ ላይ ከተሰጠ ለቤተሰብ መላኪያም መገበያያም ጊዜ የለም። ከወር ደመወዝ ጋር አትቀላቅሉት፤ ያበደራችሁት ካለም ከዚህ ላይ አትቁረጡ፣ በወር ሂሳቡ ይተሳሰብ።

ስትሰጡ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ቆም ብላችሁ፣ በእጃችሁ ስጡ። በልጅ መላክ ወይም ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ ክብር ይነካል። ቃሉ አጭር ይሁን፤ ያ ሰው የሠራውን አንድ ነገር ይጥቀስ። ለሹፌሩ «ልጆቹን አንድ ቀን እንኳ ሳታስረፍድ አድርሰህልናል፤ እናመሰግናለን፣ መልካም በዓል»፤ በዕድሜ ለገፉት ጥበቃ «አባባ፣ ሌሊቱን እርስዎ ስላሉ ነው ተኝተን የምናድረው»። «ከሌላው አብልጬ ነው የሰጠሁሽ» ወይም «ከእንግዲህ በርትተሽ ሥሪ» ማለት ግን ምስጋናውን ውለታ ማስቆጠሪያ ያደርገዋል።

ዕቃ መጨመር ከፈለጋችሁ ለራሷ የሚሆን አዲስ ነገር ይሁን፤ ልብስ ከሆነ ልኳን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሽርጥ፣ የሥራ ጫማ፣ ለጥበቃው የዝናብ ካፖርት የሥራ ዕቃ ናቸው፤ በማንኛውም ወቅት ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። የተለበሰ ልብስም ከፈለገች በሌላ ቀን ይሰጣት እንጂ በበዓል ስጦታ ቦታ አይግባ።