ያገለገለ ፍሪጅ፣ ሶፋና ልብስ ከቤት ሆኖ መሸጥ፦ ዋጋው እንዴት ይወጣል?

ብዙ ሰው ዋጋ ሲያወጣ የሚነሳው ከገዛበት ደረሰኝ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ዘሏል፤ የድሮው ደረሰኝ ያከስራል። መነሻው የዛሬው የአዲሱ ዋጋ ነው። ሁለት ሦስት ሱቅ ደውሎ መጠየቅ ይበቃል።

ፍሪጅ እንውሰድ። ከአምስት ዓመት በፊት በ18,000 ብር የተገዛ ነው፤ ተመሳሳዩ አዲስ ዛሬ 60,000 ብር ቢሆን፣ ደህና ለሚሠራው ግማሹን፣ 30,000 ብር ያዙ። ከዚያ ጉድለቱን ቀንሱ። በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ ላልቷል፣ ቅዝቃዜ ያፈሳል ማለት ነው። ጎማ ማስቀየሪያው 2,500 ብር ከተባለ 27,500 ቀረ። ገዢ መከራከሩ ስለማይቀር 30,000 ብላችሁ አውጡና ከ26,000 በታች ላለመውረድ ለራሳችሁ ወስኑ። የጎማውን ጉዳይ በማስታወቂያው ላይ ጻፉት፤ ገዢው ራሱ ካገኘው የሚያስቀንሰው ከ2,500 በላይ ነው።

ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ውስጡን አጽድታችሁ፣ በሩ ተከፍቶም ተዘግቶም አንሱ። የጭረቱ ፎቶም ይግባ። ቁመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ሶፋና ቁምሳጥን ላይማ ይህ ካልተጻፈ ገዢው መጥቶ «በሬ አያስገባውም» ብሎ ይመለሳል።

ገዢ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሌሊት ፍሪጁን ሰክታችሁ አሳድሩት። ገዢው ፊት ገና የተሰካ ፍሪጅ መብራት ቢያበራም ማቀዝቀዙን ማንም አያምንም። ሲጫን ቆሞ ይጫን። ተኝቶ ከሄደ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ስለሚፈስ፣ ቆሞ ጥቂት ሰዓታት ሳያርፍ መሰካት የለበትም። ይህን ካልነገራችሁት ነገ «የተበላሸ ሸጣችሁልኝ» ተብሎ ይደወላል።

ስልክ ከሆነ የምትሸጡት፣ መጀመሪያ የጉግል አካውንታችሁን ከሴቲንግ ውስጥ አውጡ፣ ከዚያ በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ በፋክተሪ ሪሴት አጥፉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ስልኩ የእናንተን ፓስወርድ እየጠየቀ ገዢው እጅ ላይ ይቆለፋል።

ክፍያው ላይ የሚታየው ማጭበርበር አንድ ዓይነት ነው፦ ሰውየው የተላከ የሚመስል ስክሪንሾት ያሳያል፣ ወይም የባንክ መልእክት የሚመስል ኤስኤምኤስ ይልካል። ዕቃው ከበር ከመውጣቱ በፊት ሒሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ በ*889#፣ ቴሌብር ከሆነ በ*127#።

ልብስ ላይ ይህ ሁሉ ድካም አያዋጣም። አንድ በአንድ የሚሸጠው የሐበሻ ቀሚስ፣ ሱፍና ብዙም ያልተጫማችሁት ጫማ ነው። የልጆችን ልብስ በዕድሜ ለይታችሁ በጥቅል አውጡት፤ እናቶች ከአንድ ቲሸርት ይልቅ ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን አሥር ልብስ በአንድ ዋጋ መውሰድ ይመርጣሉ። የተረፈውን የልዋጭ ነጋዴ በሳፋ ይለውጠዋል፤ የሞተውን ቴሌቪዥን ደግሞ ቁራሌው።